መልሱ የተደበቀ ፈተና

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2006 ኔትፍሊክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ውድድር አወጀ። በዚያን ጊዜ ኔትፍሊክስ የሚታወቀው ዲቪዲ በፖስታ እየላከ በማከራየት ነበር። ደንበኞቹ ላዩት ፊልም ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣሉ፤ የኩባንያው "ሲኒማች" የተባለ ፕሮግራም ደግሞ እነዚህን ኮከቦች አጥንቶ አንድ ደንበኛ ገና ላላየው ፊልም ስንት ኮከብ ሊሰጥ እንደሚችል ይገምታል። የሲኒማችን ግምት በ10 በመቶ ላሻሻለ ሰው ወይም ቡድን የሚሰጠው ሽልማት አንድ ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ለተወዳዳሪዎች የተሰጠው ዳታ ለዘመኑ እጅግ ብዙ ነበር። 480,189 ደንበኞች ለ17,770 ፊልሞች የሰጧቸው 100,480,507 የኮከብ ምዘናዎች በነፃ ተለቀቁ፤ የደንበኞቹ ስም በቁጥር ተተክቷል። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ያለው ግን ሳይሰጥ በቀረው ውስጥ ነው። ኩባንያው ሌሎች 2,817,131 ምዘናዎችን ለይቶ አስቀረ። ለእነዚህ ተወዳዳሪዎች የሚያዩት የትኛው ደንበኛ፣ የትኛውን ፊልም፣ በየትኛው ቀን እንደመዘነ ብቻ ነው። የተሰጠው ኮከብ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ኩባንያው ብቻ ነበር። ተወዳዳሪው ለእያንዳንዱ ግምቱን ሞልቶ ይልካል፤ ኩባንያው ከእውነተኛው መልስ ጋር አስተያይቶ የስህተቱን መጠን ይነግረዋል።

ይህ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? መቶ ሚሊዮኑን ምዘና እንዳለ በሰንጠረዥ ያስቀመጠ ፕሮግራም አስቡ። ከመቶ ሚሊዮኑ መካከል ስለየትኛውም ቢጠየቅ ሰንጠረዡን አይቶ ትክክለኛውን ኮከብ ይናገራል፤ ስህተቱ ዜሮ ነው። ይሁንና ስለ ማንም ሰው የፊልም ምርጫ የሚያውቀው ነገር የለም። ያምናውን ፈተና ከነመልሱ የሸመደደ ተማሪ ዘንድሮ ጥያቄው ሲቀየር የሚገጥመው ዓይነት ውድቀት ይጠብቀዋል። በሙያው ቋንቋ "ኦቨርፊቲንግ" የሚባለው ይኸው ሽምደዳ ነው፤ ሞዴሉ ከሠለጠነበት ዳታ ጋር ከመጠን በላይ ይጣበቅና በዳታው ውስጥ ያለውን አጋጣሚ ሁሉ እንደ ሕግ ይይዘዋል። አደገኛ የሚያደርገውም በሠለጠነበት ዳታ ላይ ብቻ ሲለካ የሸመደደው ሞዴል ከሁሉም የበለጠ ጎበዝ መስሎ መታየቱ ነው።

ስህተቱ የሚለካበት ሚዛን በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አርኤምኤስኢ ይባላል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ከእያንዳንዱ እውነተኛ ኮከብ ላይ ግምቱ ይቀነሳል። ልዩነቱ በራሱ ይባዛል። የብዜቶቹ አማካይ ይወሰዳል። በመጨረሻም የአማካዩ ስኩዌር ሩት ይወጣል።

በአምስት ምዘናዎች እንየው። ደንበኞች የሰጡት ኮከብ 4፣ 3፣ 5፣ 2 እና 1 ነው እንበል፤ የሞዴሉ ግምት ደግሞ 3.5፣ 3፣ 4፣ 3 እና 3። ልዩነቶቹ 0.5፣ 0፣ 1፣ -1 እና -2 ይሆናሉ። በራሳቸው ሲባዙ 0.25፣ 0፣ 1፣ 1 እና 4 ይሰጣሉ፤ ድምራቸው 6.25፣ አማካያቸው 1.25 ነው። የ1.25 ስኩዌር ሩት 1.118 ገደማ ነው። መነሻው ኮከብ ስለሆነ ውጤቱም የሚነበበው በኮከብ ነው፤ ሞዴሉ በዚህ ሚዛን አንድ ኮከብ ከምናምን ያህል ይስታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የመጨረሻዋን ምዘና ልብ ይሏል። ሰውየው አንድ ኮከብ ብቻ የሰጠውን ፊልም ሞዴሉ ሦስት ይሰጠዋል ብሎ ነበር። ከ6.25 ድምር ውስጥ 4ቱን ያመጣችው ይህች አንዲት ስህተት ናት። ልዩነቶቹን ሳናባዛ፣ መደመርና መቀነሳቸውን ትተን በቀጥታ አማካያቸውን ብንወስድ ውጤቱ 0.9 ይሆን ነበር። አርኤምኤስኢ ትልልቅ ስህተቶችን አብዝቶ ይቀጣል፤ በሁለት ኮከብ መሳት በአንድ ኮከብ ከመሳት ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ያስከፍላል። ስለዚህም በዚህ ሚዛን የሚፎካከር ሞዴል አልፎ አልፎ ክፉኛ ከመሳት ይልቅ ብዙ ጊዜ በጥቂቱ መሳትን ይመርጣል። እርግጠኛ ባልሆነበት ቦታ ሁሉ ወደ መሃል፣ ወደ አማካዩ ይጠጋል።

ኔትፍሊክስ የሰጣቸው መነሻ ቁጥሮች በዚህ ሚዛን የወጡ ናቸው። ደንበኛው ማንም ይሁን ማን የየፊልሙን አማካይ ኮከብ ብቻ ግምት አድርጎ መላክ 1.0540 ያስገኛል። ሲኒማች በዚያው የተደበቀ ዳታ ላይ 0.9514 ነበር። ከቁጥሮቹ እንደሚታየው የባለሙያዎች የዓመታት ሥራ ከተራው አማካይ የበለጠው በአንድ አሥረኛ ኮከብ ብቻ ነው።

አሁን ሽምደዳው እንዴት በቁጥር እንደሚጋለጥ በትንሽ ምሳሌ እንመልከት። አምስት ፊልሞች አሉ፤ እያንዳንዳቸው እስካሁን የተመዘኑት በአንድ ሰው ብቻ ነው። የተሰጣቸው ኮከብ በቅደም ተከተል 5፣ 2፣ 4፣ 1 እና 3 ነው። ይህ ማሠልጠኛችን ነው። ለእነዚሁ ፊልሞች ሌሎች አምስት ሰዎች የሰጧቸውን 3፣ 3፣ 5፣ 2 እና 4 ኮከብ ደግሞ ለይተን ደብቀናል። ይህ መፈተሻችን ነው። ሦስት ሞዴሎችን እናወዳድር። አንደኛው ለየፊልሙ ከዚህ በፊት የተሰጠውን ኮከብ እንዳለ ይደግማል። ሁለተኛው ፊልሞቹን ጨርሶ ሳይለይ ለሁሉም የማሠልጠኛውን አማካይ፣ ማለትም 3ን ይገምታል። ሦስተኛው በሁለቱ መሃል ይቆማል፤ 5 ለተሰጠው ፊልም 4፣ 2 ለተሰጠው 2.5 እያለ ይሄዳል። በፓይተን ስሌቱ ይህን ይመስላል፦

```python
import numpy as np

train = np.array([5, 2, 4, 1, 3])
test  = np.array([3, 3, 5, 2, 4])

def rmse(y, p):
    return np.sqrt(np.mean((y - p) ** 2))

for w in [1.0, 0.5, 0.0]:
    p = w * train + (1 - w) * train.mean()
    print(w, round(rmse(train, p), 3), round(rmse(test, p), 3))
```

`w` ሞዴሉ በየፊልሙ ብቸኛ ምዘና ላይ የሚጥለው እምነት ነው። 1 ሲሆን ደጋሚው፣ 0 ሲሆን አማካዩን ብቻ የሚናገረው፣ 0.5 ሲሆን መሃለኛው ይሠራል። ፕሮግራሙ የሚያወጣው ውጤት ይህ ነው፤ በየመስመሩ ሁለተኛው ቁጥር የማሠልጠኛው ስህተት፣ ሦስተኛው የመፈተሻው ስህተት ነው።

```
1.0 0.0 1.265
0.5 0.707 0.949
0.0 1.414 1.095
```

የማሠልጠኛውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ያለ ጥርጥር ደጋሚውን ይመርጣል፤ ስህተቱ ዜሮ ነዋ! በተደበቁት አምስት ምዘናዎች ላይ ግን ከሦስቱ የመጨረሻ የወጣው እሱ ነው። ስለ ፊልሞቹ ምንም የማያውቀው፣ ዝም ብሎ 3 የሚለው እንኳ በለጠው። ምክንያቱም አንድ ሰው ለአንድ ፊልም አምስት ኮከብ ሲሰጥ በቁጥሩ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀው ይገባሉ፤ አንዱ የፊልሙ ጥራት ሲሆን ሌላው የዚያ ሰው የራሱ ስሜት ነው። ቀጣዩ ተመልካች ዘንድ የሚደርሰው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ደጋሚው ሁለቱንም ሳይለይ ወሰደ፤ አማካዩን የሚናገረው ሁለቱንም ጣለ፤ መሃለኛው ግን ከሚጠቅመው ጥቂት ወስዶ ከማይጠቅመው ብዙውን አስቀረ።

ኦቨርፊቲንግን ለመለየት ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን መታየት አለባቸው። በማሠልጠኛው ላይ ትንሽ፣ በመፈተሻው ላይ ትልቅ ስህተት ካለ ሞዴሉ ሸምድዷል። ሁለቱም ላይ ስህተቱ ትልቅና ተቀራራቢ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ሞዴሉ ከዳታው ሊማር የሚችለውን ገና አልተማረም። እንደ መሃለኛው በሁለቱ መካከል መጠነኛ ክፍተት መኖሩ በራሱ በሽታ አይደለም። ሞዴል የሠለጠነበትን ዳታ ካላየው በተሻለ ማወቁ የተለመደ ነውና። የሚያሳስበው የማሠልጠኛው ስህተት እየቀነሰ የመፈተሻው ስህተት ሲጨምር ነው።

በውድድሩ ውስጥ ይህ ነገር በትልቁ የታየው ሳይመን ፈንክ በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ተወዳዳሪ በዲሴምበር 2006 የራሱን ዘዴ ለሁሉም በገለጸ ጊዜ ነው። ፈንክ ለእያንዳንዱ ፊልምና ለእያንዳንዱ ደንበኛ ጥቂት ቁጥሮች ይሰጣል። አንደኛው ቁጥር ለምሳሌ ፊልሙ ምን ያህል ድብድብ እንዳለበትና ደንበኛው ድብድብ ምን ያህል እንደሚወድ የሚገልጽ ሊሆን ይችላል፤ ግን ትርጉሙን የሚወስነው ማንም ሰው አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ከኮከቦቹ ያወጣዋል። የፊልሙና የደንበኛው ቁጥሮች ጥንድ ጥንዳቸውን ይባዛሉ፣ ይደመራሉ፣ ግምቱም ከዚያ ይወጣል።

እንዲህ ያሉ 40 ቁጥሮች ለእያንዳንዱ ቢሰጡ በጠቅላላው ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ ተስተካካይ ቁጥሮች ይኖራሉ። ወደ 200 ከፍ ቢሉ መቶ ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ፤ ይህም ከምዘናዎቹ ብዛት ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው። ለእያንዳንዱ ምዘና አንድ ተስተካካይ ቁጥር እንደማለት ነው። ሞዴሉ እንዲህ ልቅ ሲሆን ማንኛውንም ምዘና በየፊናው ለማስታወስ የሚያስችል ቦታ ያገኛል። በተለይ የሚጎዱት ጥቂት ምዘና ብቻ ያላቸው ደንበኞችና ፊልሞች ናቸው። ሁለት ፊልም ብቻ የመዘነን ሰው በ40 ቁጥሮች መግለጽ ማለት ከሁለት ነጥቦች አርባ ምስጢር ማውጣት ነው።

ፈንክ ለዚህ ያበጀው ልጓም ቀላል ነበር። ኮምፒዩተሩ አንድን ምዘና አይቶ ቁጥሮቹን ባስተካከለ ቁጥር እያንዳንዱን ቁጥር በትንሹ ወደ ዜሮ መልሶ ይጎትተዋል። የጉተታው መጠን 0.02 ነበር። ብዙ ምዘና ያለው ፊልም ቁጥሮቹን ወደፊት የሚገፋ ብዙ ማስረጃ ስላለው ጉተታውን ይቋቋማል፤ አንድ ሁለት ምዘና ብቻ ያለው ግን ወደ ዜሮ ተጠግቶ ይቀራል፣ ግምቱም ከአማካዩ ብዙ አይርቅም።

ለፊልሞች አማካይ የተጠቀመበት ብልሃትም ከላይ ካየነው መሃለኛ ሞዴል ጋር ዘመድ ነው። የጠቅላላው ዳታ አማካይ 3.6 ኮከብ ገደማ ነበር። አንድ ፊልም አንድ ሰው ብቻ መዝኖት አምስት ኮከብ ካገኘ አማካዩን 5 ከማለት ይልቅ በ3.6 የሚመዝኑ 25 ሰዎች እንዳሉ አስመስሎ ያሰላዋል፤ 25 ጊዜ 3.6 ሲደመር 5፣ ለ26 ሲካፈል 3.65 ይሆናል። ሺህ ሰዎች መዝነውት አማካዩ 4.5 የሆነ ፊልም ግን በዚሁ ስሌት 4.48 ላይ ይቆያል። ጥቂት ማስረጃ በጥቂቱ ይታመናል፤ ብዙ ማስረጃ ሲመጣ ሃያ አምስቱ ሰዎች ከቁጥር አይገቡም። 25 የተባለው ቁጥር በቀመር የተገኘ ሳይሆን በሙከራ የሚሻል ሆኖ የተመረጠ ነው።

ተወዳዳሪዎች እንዲህ ያሉ ምርጫዎችን የሚያደርጉት ግን በየትኛው ዳታ ላይ ነው? ማሠልጠኛው ላይ ከሆነ ሁልጊዜ ልጓም የሌለው ሞዴል ያሸንፋል። ለዚህ ኔትፍሊክስ ከመቶ ሚሊዮኑ ውስጥ 1,408,395 ምዘናዎችን "ፕሮብ" ብሎ ለይቶ ዝርዝራቸውን ሰጠ። መልሳቸው የታወቀ ስለሆነ ተወዳዳሪው ቤቱ ሆኖ ሞዴሉን ሊፈትሽባቸው ይችላል። ነገር ግን የፕሮብ ምዘናዎች በማሠልጠኛው ፋይል ውስጥም ከነኮከባቸው ይገኛሉ። መጀመሪያ ከዚያ አውጥቶ በቀሩት 99,072,112 ላይ ማሠልጠን የተወዳዳሪው ኃላፊነት ነው። ይህን ሳያደርግ የፈተሸ ሰው ሞዴሉ አስቀድሞ ያያቸውን መልሶች መልሶ ይጠይቀዋል፤ የሚያገኘው ቁጥርም እጅግ ያማረና ፈጽሞ የማይታመን ይሆናል። ፕሮብ ላይ የወጣው ውጤት ለኩባንያው ከተላከው ግምት ውጤት በብዙ ከተሻለ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ዓይነቱ ፍሰት ነው።

የዚህ ስህተት ስውር መልክም አለ። ፕሮብን ከማሠልጠኛው ያወጣ ሰው የፊልሞቹን አማካይ አስቀድሞ ከሙሉው ፋይል አስልቶ ቢሆንስ? የተደበቁት ኮከቦች በአማካዩ ውስጥ ተሸሽገው ወደ ሞዴሉ ይገባሉ። ብዙ ምዘና ላላቸው ፊልሞች ለውጡ ከቁብ አይቆጠርም፤ ለጥቂቶቹ ግን መልሱን ግማሽ በግማሽ መናገር ነው። ስለዚህ መክፈሉ ይቀድማል፣ ስሌት ሁሉ ይከተላል። አማካይም ቢሆን የሚወጣው ከማሠልጠኛው ብቻ ነው።

ዳታው በምን ይከፈላል የሚለውም ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው። በብዙ ማስተማሪያዎች ላይ ከመቶው ሃያውን በዕጣ አውጥቶ ማስቀመጥ ይመከራል። ኔትፍሊክስ እንደዚያ አላደረገም። ከየደንበኛው ምዘናዎች በጊዜ የመጨረሻ የሆኑትን፣ እስከ ዘጠኝ ድረስ ወሰደና እነሱን በዕጣ ወደ ፕሮብና ወደ ተደበቁት ክፍሎች አከፋፈላቸው። የሲኒማች ሥራ ከትናንት ምዘና የነገውን መገመት ስለሆነ ፈተናውም ያንኑ እንዲመስል ተደረገ። በዕጣ ቢከፈል ኖሮ ሞዴሉ የአንድን ሰው የማክሰኞ ምዘና ለመገመት የረቡዕ ምዘናውን ያይ ነበር፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን ረቡዕ ገና አልደረሰም።

አከፋፈሉ ሌላም ውጤት ነበረው። ሺህ ፊልም የመዘነ ደንበኛም ሠላሳ የመዘነ ደንበኛም በተደበቀው ክፍል ውስጥ ከዘጠኝ የሚበልጥ ድርሻ የላቸውም። በማሠልጠኛው ውስጥ ጥቂት ፊልም አፍቃሪዎች ከፍተኛውን ድርሻ ሲይዙ በፈተናው ውስጥ ግን እንግዳውና ብዙም የማይታወቀው ደንበኛ ክብደት ያገኛል። ፈተናው የከበደው አንድም በዚህ ነው። ማሠልጠኛውን በዕጣ ከፍሎ የሚፈትሽ ተወዳዳሪ ፕሮብን ከሚጠቀመው ይልቅ ያማረ ቁጥር ያያል፤ ቁጥሩ ግን ኩባንያው ዘንድ አይደገምለትም።

ወደ ተደበቁት 2,817,131 ምዘናዎች እንመለስ። እነሱም ለሁለት ተከፍለው ነበር። ግማሾቹ "ኩዊዝ"፣ ግማሾቹ "ቴስት" ተባሉ፤ የትኛው ምዘና በየትኛው ውስጥ እንዳለ ለተወዳዳሪ አይነገርም። ግምት ሲላክ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ለሕዝብ የሚወጣው የኩዊዝ ውጤት ነው። ሚሊዮን ዶላሩን የሚወስነው ግን ማንም የማያየው የቴስት ውጤት ነው።

መልሱ እስከተደበቀ ድረስ አንዱ ክፍል አይበቃም ነበር? በአምስቱ ፊልሞች ምሳሌያችን መልሱ ይገኛል። እዚያ `w` ን 0.5 ያልነው ሳናስብ ነው። ሁሉንም ቁጥሮች እየሞከርን በመፈተሻው ላይ ዝቅተኛውን ስህተት ብንፈልግ 0.4 ላይ 0.938 እናገኛለን፤ ከ0.949 የተሻለ ይመስላል። ግን 0.4 የተመረጠው ለእነዚያ አምስት ሰዎች ስለተስማማ ነው፤ ሌሎች አምስት ሰዎች ቢመጡ ሌላ ቁጥር ይሻላቸው ይሆናል። መፈተሻውን እያዩ ምርጫ ማድረግ ማለት መፈተሻውን ቀስ በቀስ ማሠልጠኛ ማድረግ ነው። አንድም መልስ በቀጥታ ሳይታይ፣ ውጤቱን ደጋግሞ በማየት ብቻ ሞዴሉ ወደ ተደበቀው ዳታ ይጠጋል። ኔትፍሊክስ ለዚህም ሁለት መከላከያ አበጀ፤ አንድ ቡድን በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይልክ ገደበ፣ ከዚያም የመጨረሻውን ዳኝነት በሰንጠረዡ ላይ ፈጽሞ ለማይታይ ክፍል ሰጠ።

ሁለቱ ክፍሎች ሌላም ነገር ያስተምራሉ። ሲኒማች በኩዊዝ ላይ 0.9514፣ በቴስት ላይ 0.9525 ነበር። ፕሮግራሙ ያው ነው፤ ክፍሎቹ በዕጣ የተከፈሉና እያንዳንዳቸው ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ምዘና የያዙ ናቸው፤ ሆኖም ውጤቱ በ0.0011 ተለያየ። ይህ ልዩነት የማንም ጉብዝና ወይም ስንፍና አይደለም፤ የዕጣው ነው። በ1.4 ሚሊዮን ምዘና ይህን ያህል ከተወዛወዘ በሃምሳ ወይም በመቶ መፈተሻ ላይ የተገኘ አርኤምኤስኢ ምን ያህል ሊወዛወዝ እንደሚችል መገመት አይከብድም። ሁለት ሞዴሎች በዚያው በአንድ መፈተሻ ላይ ሲወዳደሩ ግን ነገሩ ትንሽ ይሻላል፤ ከባዱ ጥያቄ ለሁለቱም ከባድ፣ ቀላሉም ለሁለቱም ቀላል ስለሚሆን የዕጣው ተጽዕኖ በከፊል ይጣፋል።

የሽልማቱ መስመር ከ0.9525 አሥር በመቶ ዝቅ ሲል 0.8572 ላይ ተሰመረ፤ መንገዱም እንደታሰበው አጭር አልሆነም። ቤልኮር የተባለው ቡድን በ2007 የዓመቱን የማበረታቻ ሽልማት የወሰደው 107 የተለያዩ ግምቶችን አዋህዶ 8.43 በመቶ ላይ በመድረስ ነው። ግምቶችን ማዋሃድ የሠራበት ምክንያት ከዚሁ ከሽምደዳ ጉዳይ ጋር ይገናኛል። ልዩ ልዩ ሞዴሎች የሚሸመድዱት አጋጣሚ የተለያየ ነው፤ አማካያቸው ሲወሰድ የየግል ስህተታቸው በከፊል ይሰረዛል፣ ሁሉም የተስማሙበት ግን ይቀራል። እያንዳንዱ ግምት ስንት ድርሻ ይኑረው የሚለውንም ቡድኖቹ የሚወስኑት ሞዴሎቹ ባልሠለጠኑበት ዳታ፣ በተለይም በፕሮብ ላይ ነበር። በማሠልጠኛው ላይ ቢወሰን ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ከሁሉም በላይ የሸመደደው ይሆን ነበርና።

10 በመቶ የታለፈው ጁን 26 ቀን 2009 ሲሆን፣ በሕጉ መሠረት ለሌሎች የ30 ቀን ዕድል ተሰጠ። ቀነ ገደቡ ባበቃበት በጁላይ 26 "ቤልኮርስ ፕራግማቲክ ኬኦስ" የተባለው፣ ከአሜሪካ፣ ከኦስትሪያ፣ ከካናዳና ከእስራኤል የተውጣጡ ሰባት ባለሙያዎች ያሉበት ጥምር ቡድን ግምቱን ላከ። ከ20 ደቂቃ በኋላ "ዘ ኤንሴምብል" የተባለው ተቀናቃኝ ቡድን የራሱን አስገባ። ሕዝብ በሚያየው ሰንጠረዥ ላይ ዘ ኤንሴምብል በ0.8553 መራ፤ ተቀናቃኙ 0.8554 ነበር። የተደበቀው ቴስት ሲከፈት ግን ሁለቱም በአራት አኃዝ 0.8567 ሆነው ተገኙ፤ በኩዊዝ ላይ የታየው ብልጫ እዚያ አልነበረም። ሁለቱም በቴስት ላይ ከኩዊዙ በ0.0013 ገደማ ከፍ ያለ ስህተት አሳዩ። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በሲኒማች ላይ ያየነው የዕጣው ልዩነት ስለሆነ፣ ከሦስት ዓመት ፉክክር በኋላ ኩዊዙን በመሸምደድ የመጣው ጉዳት በጣም ትንሽ ነበር ማለት ይቻላል። ውጤቱ እኩል በመሆኑ ሕጉ ቀድሞ ላስገባው ፈረደ፤ ቤልኮርስ ፕራግማቲክ ኬኦስ ሽልማቱን በሴፕቴምበር 2009 ተረከበ።

ኔትፍሊክስ በኋላ እንደገለጸው ያንን አሸናፊ ድብልቅ እንዳለ ሥራ ላይ አላዋለውም። ከ2007ቱ 107 ግምቶች መካከል በተሻሉት ሁለት ዘዴዎች ተጠቀመ፤ አንዱ ከፈንክ ዘዴ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ ነው። ሁለቱ ብቻ ተዋህደው አርኤምኤስኢውን ወደ 0.88 ያወርዱት ነበር። ከዚያ ወደ 0.8567 የሚያደርሰው ተጨማሪ ሥራ ለምህንድስናው ድካም የሚመጥን ጥቅም እንደሌለው ኩባንያው ደመደመ። በዚያ ላይ ከ2007 ጀምሮ ፊልም በኢንተርኔት ማሳየት ስለጀመረ፣ ሰው ዲቪዲ አዝዞ አይቶ ኮከብ ከሚሰጥበት ጊዜ ይልቅ የትኛውን ፊልም እንደጀመረና የት ላይ እንዳቋረጠው የሚነግረው ዳታ በብዛት መጣለት። መቶ ሚሊዮኑ ምዘናዎች የተሰበሰቡት ከ1998 እስከ 2005 ነበር፤ ከእነሱ ውስጥ ተለይቶ የተደበቀ መፈተሻ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢያዝ ስለዚህ አዲስ ዓይነት ተመልካች የሚናገረው ነገር አልነበረውም።